የደመወዝ ጭማሪና የገቢ ግብር፦ ከፍ ወዳለ እርከን መግባት የተጣራ ደመወዝን የማይቀንሰው ለምንድን ነው?

ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ የሚከፈለው ግብር በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ፣ አንዳንድ ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ሲቀርብላቸው «ወደ ቀጣዩ እርከን ከገባሁ እጄ ላይ የሚደርሰው ገንዘብ ያንሳል» የሚል ስጋት ያድርባቸዋል። በዚህ ምክንያት ጭማሪው ከእርከኑ ጣሪያ በታች እንዲደረግላቸው የሚጠይቁም አሉ። ይህ ስጋት የሚመነጨው የእርከኑ መጣኔ በደመወዙ ሁሉ ላይ እንደሚጣል ከማሰብ ነው። የሕጉ አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው።

የግብር እርከኖች

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከመቀጠር በሚገኝ ወርሃዊ ገቢ ላይ ግብር የሚጣለው በሚከተለው አኳኋን ነው፦

- እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ግብር አይከፈልበትም፤
- ከ2,000 ብር በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ክፍል ላይ 15 በመቶ፤
- ከ4,000 ብር በላይ እስከ 7,000 ብር ባለው ክፍል ላይ 20 በመቶ፤
- ከ7,000 ብር በላይ እስከ 10,000 ብር ባለው ክፍል ላይ 25 በመቶ፤
- ከ10,000 ብር በላይ እስከ 14,000 ብር ባለው ክፍል ላይ 30 በመቶ፤
- ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ክፍል ላይ 35 በመቶ።

እዚህ ላይ ቁልፉ ቃል «ክፍል» የሚለው ነው። እያንዳንዱ መጣኔ የሚሠራው በራሱ እርከን ውስጥ በሚያርፈው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ደመወዙ ወደ ላይኛው እርከን በመድረሱ ምክንያት በታችኞቹ እርከኖች ውስጥ ባለው ገንዘብ ላይ የሚከፈለው ግብር በአንድ ሳንቲም እንኳ አይጨምርም።

በምሳሌ ሲታይ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ አካባቢ በሚገኝ የግል ድርጅት የምትሠራ አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ ወርሃዊ ደመወዟ 14,000 ብር ነው እንበል። ድርጅቱ 500 ብር ሲጨምርላት ደመወዟ 14,500 ብር ይሆናል፤ የምትገባውም ወደ 35 በመቶው እርከን ነው።

ከጭማሪው በፊት የነበረው ግብር እንዲህ ይሰላል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከቀጣዩ 2,000 ብር 300 ብር፣ ከዚያ በላይ ካለው 3,000 ብር 600 ብር፣ ከተከታዩ 3,000 ብር 750 ብር፣ ከመጨረሻው 4,000 ብር ደግሞ 1,200 ብር ይታሰባል። ድምሩ 2,850 ብር ነው። ከጭማሪው በኋላ እነዚህ ሁሉ ባሉበት ይቀጥላሉ። የሚታከለው የአዲሱ 500 ብር 35 በመቶ፣ ማለትም 175 ብር ብቻ ስለሆነ አጠቃላይ ግብሩ 3,025 ብር ይሆናል።

ሠራተኛዋ ከደመወዟ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም ትከፍላለች። መዋጮው ከ980 ብር ወደ 1,015 ብር ያድጋል። ስለዚህ ከጭማሪው በፊት የተጣራ ደመወዟ 10,170 ብር ነበር፤ ከጭማሪው በኋላ 10,460 ብር ይሆናል። ከ500 ብሩ ውስጥ 290 ብሩ እጇ ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

አማካይ መጣኔና ኅዳጋዊ መጣኔ

በዚህ ምሳሌ ሁለት የተለያዩ መጣኔዎች ይታያሉ። ሠራተኛዋ በመጨረሻ ባገኘችው ተጨማሪ ብር ላይ የምትከፍለው 35 በመቶ ኅዳጋዊ መጣኔ ይባላል። ጠቅላላ ግብሩ ለጠቅላላ ደመወዙ ሲካፈል የሚገኘው ደግሞ አማካይ መጣኔ ነው። ይህም ከጭማሪው በፊት 20.4 በመቶ ገደማ፣ ከጭማሪው በኋላ 20.9 በመቶ ገደማ ነው።

ኅዳጋዊው መጣኔ በአንድ ጊዜ ከ30 ወደ 35 በመቶ ሲዘል፣ አማካዩ ግን ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ከፍ ብሏል። ጭማሪን ለመመዘን የሚያገለግለው ኅዳጋዊው መጣኔ ነው። ከ14,000 ብር በላይ በሚገኝ እያንዳንዱ ብር ላይ ግብሩ 35 ሳንቲም፣ የጡረታ መዋጮው 7 ሳንቲም ይወስዳሉ፤ 58 ሳንቲም ለሠራተኛው ይቀራል። ሁለቱ ተደምረው መቶ በመቶ እስካልደረሱ ድረስ ጭማሪ የተጣራ ደመወዝን ሊቀንስ አይችልም።

«ተቀናሽ» የሚባለው ቁጥር

የደመወዝ ሠራተኞች በአብዛኛው ግብሩን በየእርከኑ አይደምሩም። አጠቃላይ ደመወዙን በእርከኑ መጣኔ አባዝተው የተወሰነ ተቀናሽ ያነሳሉ። ተቀናሹ ለ15 በመቶው እርከን 300 ብር፣ ለ20 በመቶው 500 ብር፣ ለ25 በመቶው 850 ብር፣ ለ30 በመቶው 1,350 ብር፣ ለ35 በመቶው 2,050 ብር ነው።

ተቀናሹ ለሠራተኛው የሚሰጥ የተለየ ቅናሽ አይደለም። በታችኞቹ እርከኖች ላይ ከፍተኛው መጣኔ ያለአግባብ የተጣለበትን ልዩነት የሚመልስ ማስተካከያ ነው። ለምሳሌ የ14,500 ብር 35 በመቶ 5,075 ብር ነው፤ 2,050 ብር ሲነሳለት ቀደም ሲል በየእርከኑ የተገኘው 3,025 ብር ይመጣል።

ተቀናሹ ከተዘነጋ ስጋቱ እውነት መስሎ ይታያል። 14,000 በ30 በመቶ 4,200 ብር፣ 14,500 በ35 በመቶ 5,075 ብር ይሆናል፤ በዚህ የተሳሳተ ስሌት ግብሩ ከጭማሪው በላይ ያደገ ይመስላል።

የተጣራ ደመወዝ በእርግጥ ቢያንስስ?

ከጭማሪ በኋላ የተጣራው ገንዘብ ቀንሶ ከተገኘ ምክንያቱ የግብር እርከኑ አይደለምና የደመወዝ ዝርዝሩን መስመር በመስመር ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ስሌቱ በቀድሞው አዋጅ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የ35 በመቶው እርከን ተቀናሽ 1,500 ብር ነበር። በዚህ ቁጥር የ14,500 ብር ግብር 3,575 ብር ይሆናል፤ ከትክክለኛው በ550 ብር ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ከግብር ነፃ የነበረ አበል ተሰርዞ በደመወዝ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። ደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ሠራተኛ ከግብር ነፃ የነበረ 1,000 ብር የትራንስፖርት አበሉ ቀርቶ በምትኩ 1,000 ብር ደመወዝ ቢጨመርለት እጁ ላይ የሚደርሰው 580 ብር ብቻ ነው። ቀድሞ ያገኝ የነበረውን ለመጠበቅ ጭማሪው ቢያንስ 1,725 ብር ገደማ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ በዚያው ወር የብድር ክፍያ፣ የቁጠባ ወይም ሌላ ተቀናሽ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ልዩነት ያገኘ ሠራተኛ ጠቅላላ ደመወዙን፣ የተቆረጠውን ግብርና የጡረታ መዋጮውን ለይቶ በመጻፍ፣ ስሌቱ እንዲገለጽለት በቅድሚያ የቀጣሪውን የፋይናንስ ወይም የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። ግብሩን የሚያሰላውና ቆርጦ ገቢ የሚያደርገው ቀጣሪው በመሆኑ የስሌት ስህተት የሚታረመውም በመጀመሪያ እዚያው ነው።