አንዲት ፊደል በሕግ ጽሑፍ ውስጥ፦ የ‹ጀጅመንት› እና የ‹አክኖሌጅመንት› አጻጻፍ

በእንግሊዝኛ ውል፣ ክስ ወይም የሕግ አስተያየት የሚያዘጋጅ ሰው ደጋግሞ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ‹ጀጅመንት› judgment ተብሎ ይጻፍ ወይስ መካከሉ ላይ ኢ የተባለችው ፊደል ገብታ judgement? ‹አክኖሌጅመንት›ስ acknowledgment ነው ወይስ acknowledgement? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭሩ የአሜሪካኖች፣ ረጅሙ የእንግሊዞች ነው የሚል ነው። ይህ መልስ ለጋዜጣና ለልብ ወለድ በግርድፉ ያገለግል ይሆናል፤ ለሕግ ጽሑፍ ግን አይበቃም፣ እንዲያውም ያሳስታል። በሕግ ጽሑፍ ለሁለቱም ቃላት የሚስማማው አጭሩ አጻጻፍ ነው የምለውም አሜሪካዊውን ልማድ መርጬ ሳይሆን፣ የእንግሊዝም የአሜሪካም የሕግ ድንጋጌዎች ራሳቸው የሚጠቀሙት እሱን ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የትውልድ ሐረጉን እናጥራ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ላይ ባሳተመው መዝገበ ቃላት ‹ጀጅመንት›ን ያሰፈረው ያለ ኢ ነው፤ አሜሪካ ያኔ ገና ነጻ አገር አልነበረችም። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1838 ያወጣውና በፍርድ ዕዳ ላይ ስለሚታሰብ ወለድ የሚደነግገው ሕግ፣ እንዲሁም ስለ ዳኝነት ሥልጣንና ስለ ውጭ አገር ፍርዶች በ1982 የወጣው ሕግ፣ በአርእስታቸው ላይ የያዙት አጭሩን ነው። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዛሬም ውሳኔዎቹን የሚያወጣው በዚሁ አጻጻፍ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች ስለ ፍርድ የሚናገረው ቁጥር 54ም፣ ሙሉ የማስረጃ መስማት ሳያስፈልግ ስለሚሰጥ ፍርድ የሚናገረው ቁጥር 56ም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በአትላንቲክ ሁለት ዳርቻ ያሉ ጠበቆች በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ በዚህች ፊደል መቅረት ላይ ተስማምተዋል። ረጅሙ በእንግሊዝ የሚታየው ከችሎት ውጭ፣ በጠቅላላው የሕትመት ዓለም ውስጥ ነው።

ከዚህ የሚነሳው ጠንካራው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ ሁለት አጻጻፍ ካለን ለምን ሥራ አንከፋፍላቸውም? የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በአጭሩ፣ የሰው ልጅ የማመዛዘን ችሎታ በረጅሙ ቢጻፍ አንባቢ አይደናገርም። ሐሳቡ ሲሰሙት ያምራል፤ በእንግሊዝ አገር የሚከተሉት ጸሐፊዎችም አሉ። ችግሩ ሕግ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ገጽ ላይ፣ አንዳንዴም አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያገናኝ መሆኑ ነው። ዋይትሃውስ በጆርዳን ላይ የተባለውን፣ የሎርዶች ምክር ቤት በ1980 የወሰነውን ጉዳይ እንመልከት። አንድ ሐኪም በምጥ ጊዜ ሕፃኑን በመሣሪያ ስቦ ለማውጣት ሞክሮ ሳይሆንለት ወደ ቀዶ ሕክምና ዞረ፤ ሕፃኑ ከባድ የአንጎል ጉዳት ደርሶበት ስለነበር ሐኪሙ በቸልተኝነት ተከሰሰ። በይግባኝ ችሎቱ ላይ ሎርድ ዴኒንግ የማመዛዘን ስሕተት ቸልተኝነት አይደለም የሚል አቋም ያዙ። የሎርዶች ምክር ቤት ሐኪሙን ከኃላፊነት ነጻ ያደረገውን ውጤት ቢያጸናም፣ ይህን አነጋገር ግን አልተቀበለውም፤ የማመዛዘን ስሕተት እንደ ሁኔታው ቸልተኝነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ መለኪያው ሙያው የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው አለ። በዚህ ክርክር የተመዘነው የሐኪሙ ማመዛዘን፣ የሚመዝነውም የዳኞቹ ፍርድ ነው፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። የክፍፍሉን ደንብ የተከተለ ጸሐፊ ይህን ጉዳይ ሲያብራራ በየመስመሩ ፊደል ሊጨምርና ሊቀንስ ነው። ከዚያም የዳኞች የማመዛዘን ሥልጣን ላይ ሲደርስ ይቸግረዋል፤ የዳኛ ማመዛዘን ከፊሉ አእምሮ፣ ከፊሉ ፍርድ ነውና። የአሜሪካ የኩባንያ ሕግም የሥራ አመራር ቦርድ አባላትን በቅን ልቦና ስለወሰኑት ንግድ ነክ ውሳኔ የሚጠብቀውን መርሕ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ትርጉሙ የአእምሮ ቢሆንም አጻጻፉ አጭሩ ነው። ትርጉሙን የሚለየው በዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያ ካልለየው አንዲት ፊደል አትታደገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሄንሪ ፋውለር ነው። ፋውለር በ1926 ባወጣው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገብ ረጅሙን ደግፏል፤ ለረጅሙ የሚቀርበው ምክንያት ኢ ከሌለች ጂ የተባለችው ፊደል ድምፅዋን የምታለሰልስላት አጥታ ትቀራለች የሚል ነው። ከድምፅ ሥርዓት አንጻር ካየነው ልክ ነው። ነገር ግን አጭሩን ያየ አንባቢ በንባቡ ሲሰናከል አይታይም፤ የሕግ ጽሑፍም የአጻጻፍ ማሻሻያ መለማመጃ አይደለም። ጠበቃ ሕጉን የሚጠቅሰው እንደተጻፈ ነው።

‹አክኖሌጅመንት› ላይ ስንደርስ መሬቱ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። በእንግሊዝ መዛግብተ ቃላት ረጅሙ ይቀድማል፤ በመጽሐፍ መግቢያ ላይ ለሚሰፍር የምስጋና ገጽም እንግሊዛዊ ጸሐፊ ረጅሙን ቢመርጥ ማንም አይወቅሰውም። ሕጉ ውስጥ ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። የእንግሊዝ የ1980 የይርጋ ሕግ፣ ባለዕዳ ዕዳውን ሲያምን ይርጋው እንደ አዲስ መቆጠር እንደሚጀምር በክፍል 29 ሲደነግግ የጻፈው አጭሩን ነው። የእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች ክፍል 10፣ ተከሳሹ ክሱ እንደደረሰው ለፍርድ ቤት የሚያሳውቅበትን ሰነድ የሚጠራውም በአጭሩ ነው። በአሜሪካም ፈራሚው ሰነዱ የራሱ መሆኑን በሰነድ አረጋጋጭ ፊት የሚያምንበት ሥርዓት በአጭሩ ይጻፋል። እዚህ ላይ ግን ማጋነን አይገባም። ዕዳውን በደብዳቤ ያመነ ሰው ቃሉን በረጅሙ ስለጻፈ ከዕዳው አያመልጥም፤ የይርጋው ሕግ የሚጠይቀው እምነቱ በጽሑፍ መሆኑንና መፈረሙን እንጂ የቃሉን አጻጻፍ አይደለም።

ታዲያ ውጤት ከሌለው ለምን እንጨነቃለን? ጉዳቱ የሚመጣው ከመቀላቀል ነው። በውል ትርጓሜ አንቀጽ ላይ ቃሉ በአጭሩ ተተርጉሞ፣ ወደ መጨረሻው ሌላ እጅ ያረቀቀው አንቀጽ ረጅሙን ቢጠቀም፣ ተከራካሪው ወገን ይህ የተተረጎመው ቃል አይደለም ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። ፍርድ ቤት ክርክሩን ላይቀበለው ይችላል፤ መልስ ለመስጠት የሚባክነው ጊዜና ገንዘብ ግን አይመለስም። ሌላው ችግር ፍለጋ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ አጭሩን ብትፈልጉ ረጅሙ አይወጣም። የፊደል ማረሚያውም ሁለቱን እንደ ትክክል ሊያሳልፋቸው ስለሚችል አይታመንም። መላው ቀላል ነው፦ ረቂቁ ሲያልቅ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ dgem ብሎ መጻፍ። እነዚህ አራት ፊደሎች በተከታታይ የሚገኙት በረጅሞቹ እንጂ በአጭሮቹ ስላልሆነ፣ ሁለቱም ቃላት በአንድ ጊዜ ይያዛሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉንም ቀይር የሚለውን ትእዛዝ መጫን ክልክል ነው። ከሌላ ሰነድ ቃል በቃል የተጠቀሰ ዓረፍተ ነገር ወይም የመጽሐፍ አርእስት ረጅሙን ይዞ ከሆነ እንዳለ ሊቀመጥ ይገባዋልና፣ አንድ በአንድ እያዩ መወሰን ግድ ነው።

ለእኛ አገር የሕግ ባለሙያ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የሕግ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከውጭ ባለሀብት ጋር የሚደረገው ውልም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው እንደሚጸና አዋጅ ቁጥር 3/1987 ስለደነገገ፣ በአዋጆቻችን የእንግሊዝኛ ቅጂ ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል መብት አትሰጥም፣ አትነሳምም። ይሁን እንጂ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የእንግሊዝኛ ቅጂም ፍርድን የሚጽፈው በአጭሩ ነው። ከዚህ ሕግ እየጠቀሰ በራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ረጅሙን የሚጽፍ ጠበቃ ከሚጠቅሰው ሕግ ጋር ያለ ምክንያት ይለያያል። የሕግ ጽሑፍ ከሆነ ሁለቱም ቃላት ያለ ኢ ይጻፉ።