የዩኒቨርሲቲ የምርምር ፕሮጀክት በጀት አዘገጃጀት፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የወንዝ ውኃ ጥናት ምሳሌነት

ትንሹ አቃቂ ወንዝ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በመካኒሳ አካባቢ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በወንዙ ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን በመስኖ ይለማል። በዚህም ምክንያት በውኃው ውስጥ የሚገኙ ከባድ ብረቶች መጠን የከተማዋን ተመራማሪዎች ትኩረት ሲስብ ቆይቷል። ከዚህ በታች ለማሳያ የቀረበው ጥናት በወንዙ 8 ቦታዎች ላይ የእርሳስ፣ የክሮሚየምና የካድሚየም መጠንን በበጋና በክረምት ይለካል፤ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎችም ይሳተፉበታል። የብር አሃዞቹ ለስሌት ማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

የዚህ ዓይነት ጥናት በጀት በአብዛኛው የሚሰናከለው በገንዘቡ ማነስ ሳይሆን በጊዜው አቀማመጥ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይጠናቀቃል። የክረምቱ ናሙና ደግሞ የሚወሰደው በነሐሴ ነው። በበጋ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በአነስተኛ ውኃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በክረምት ጎርፍ የመንገድና የአፈር ቆሻሻን አጥቦ ያስገባል። ስለሆነም ሁለቱን ወቅቶች ሳያነጻጽሩ መደምደሚያ ላይ መድረስ አይቻልም። ከመንግሥት ግምጃ ቤት ለተመደበ የአንድ ዓመት በጀት ግን ሰኔ 30 የመጨረሻው ቀን ነው፤ ያልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። አመልካቹ የነሐሴውን ሥራ በመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ ካስገባ ናሙናው በሚወሰድበት ወር የሚከፈል ገንዘብ አያገኝም።

በዚህ ክፍተት ቀድመው የሚጎዱት ተማሪዎቹ ናቸው። ፕሮጀክቱ ጥቅምት 1 ቀን ቢጀመር እስከ ሰኔ መጨረሻ 9 ወራት አሉ። በነሐሴ የተወሰደው ናሙና በመስከረምና በጥቅምት ስለሚመረመር፣ ከሐምሌ እስከ ቀጣዩ ጥቅምት መጨረሻ ተጨማሪ 4 ወራት ያስፈልጋሉ። ለአንድ ተማሪ በወር 4,000 ብር ቢታሰብ የሁለቱ ተማሪዎች የ13 ወራት ድጎማ 104,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 72,000 ብር በመጀመሪያው፣ 32,000 ብር በሁለተኛው የበጀት ዓመት ተለይቶ መጻፍ ይኖርበታል። ሁለተኛው መጠን በሰነዱ ላይ ካልተመለከተ የናሙናው ጠርሙሶች በማቀዝቀዣ ተቀምጠው ተማሪው ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል።

የላቦራቶሪ አላቂ ዕቃዎች ስሌት የሚጀምረው ከናሙናው ቁጥር ነው። በየቦታው 3 ናሙና ሲወሰድ በአንድ ወቅት 24 ይሆናል፤ በዚህ ላይ 3 ድግግሞሽና 3 ባዶ ናሙናዎች ይጨመራሉ። ስለዚህ ለሁለቱ ወቅቶች የሚያስፈልገው ጠርሙስ 48 ሳይሆን 60 ነው። ባዶ ናሙና ማለት የተጣራ ውኃ የተሞላና ወደ መስክ ደርሶ የሚመለስ ጠርሙስ ነው። በእርሱ ውስጥ እርሳስ ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ከጠርሙሱ፣ ከአሲዱ ወይም ከአያያዙ መሆኑ ይታወቃል። በጀት ለመቀነስ ሲባል ቀድሞ የሚሰረዘው ይኸው ነው፤ ከተሰረዘ በኋላ ግን የቀረው ውጤት የሚታመንበት ምክንያት አይኖርም።

ናይትሪክ አሲድም በተመሳሳይ መንገድ ያሳስታል። የግማሽ ሊትር ናሙናን ፒኤች ከ2 በታች ለማድረግ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ለ60 ጠርሙስ 60 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ነገር ግን ጠርሙሶቹ አስቀድመው በ10 በመቶ አሲድ ይዘፈዘፋሉ፤ ለ20 ሊትር መዘፍዘፊያ ብቻ 2 ሊትር አሲድ ይጠፋል። በአቶሚክ አብዞርብሽን መሣሪያ ለሚለካ ጥናት ደግሞ አሴቲሊን ጋዝ፣ ማመሳከሪያ መፍትሔዎችና የእያንዳንዱ ብረት መብራት በዝርዝሩ ይካተታሉ። መሣሪያው በዩኒቨርሲቲው መኖሩ የክሮሚየም መብራቱ እንደሚሠራ አያረጋግጥም፤ ከማመልከቻው በፊት የላቦራቶሪ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል። እነዚህ ከውጭ የሚገቡ ስለሆኑ የግዥ ጥያቄያቸው ፕሮጀክቱ በጸደቀበት ወር መቅረብ ይኖርበታል።

የመስክ ሥራው በከተማው ውስጥ በመሆኑ የአዳር ወጪ የለውም። የተሽከርካሪና የነዳጅ፣ የበረዶ ሣጥን፣ የቦቲ ጫማና የጓንት ወጪ ይበቃዋል።

የኅትመት ክፍያን በተመለከተ፣ ለንባብ ክፍት የሆኑ ብዙ ዓለም አቀፍ መጽሔቶች በውጭ ምንዛሪ ያስከፍላሉ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ በማመልከቻው ዕለት የተሰላው ብር በክፍያው ዕለት ላይበቃ ይችላል። በአንጻሩ በርካታ አሳታሚዎች ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተመራማሪዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ያነሳሉ። ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ ሲሆን፣ ከተቀባይነት በኋላ የቀረበን ብዙ አሳታሚዎች አያስተናግዱም። መጽሔቱ ይህን ዕድል መስጠቱ በጽሑፍ ከተረጋገጠ በበጀቱ ላይ ዜሮ ተጽፎ ምክንያቱ በማብራሪያ መመልከት አለበት፤ የተለቀቀው ገንዘብም ለሁለተኛው ዓመት የተማሪ ድጎማ እንዲውል በዚያው ሰነድ ሊጠየቅ ይችላል።