የፋይበር ኦፕቲክ መስመር ከመዳብ ኬብል ይልቅ ርቆ የሚደርስበት ምክንያት

በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ ኮምፒዩተሮችን ከኔትወርክ ጋር ለማገናኘት በአብዛኛው የሚያገለግለው ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ የመዳብ ሽቦዎችን የያዘ ኬብል ነው። የዚህ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ በዓለም አቀፍ የዝርጋታ ደረጃዎች ተወስኗል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ምልክቱ በተጓዘ ቁጥር ኃይሉ እየተዳከመ መሄዱ ነው። መዳከሙ የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል ኃይሉ በግማሽ መቀነሱን፣ 20 ዴሲቤል ደግሞ ከተላከው ኃይል አንድ መቶኛው ብቻ መድረሱን ያመለክታል።

የመስመሮቹን ልዩነት ለመረዳት እያንዳንዳቸው 20 ዴሲቤል የሚያጡበትን ርቀት ማነጻጸር ይበቃል። በ100 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ የሚሠራ የተለመደ ጥንድ ሽቦ ይህን ያህል የሚያጣው 90 ሜትር ገደማ ሲጓዝ ነው። ለቴሌቪዥን ዲሽ የሚያገለግለው ኮአክሲያል ኬብል በዚሁ ድግግሞሽ 300 ሜትር ያህል ይደርሳል። ለረጅም ርቀት የሚዘረጋው ፋይበር ግን በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ስለሚያጣ 100 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

በመዳብ ውስጥ ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ወደ ሽቦው የውጭ ገጽ ይገፋል። የሚያልፍበት ቦታ ስለሚጠብብም ተቃውሞው ይጨምራል፤ የሽቦው መሸፈኛ ፕላስቲክም የኃይሉን ከፊል ይመጥጣል። ስለዚህ በመዳብ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ርቀት ያጥራል። ኮአክሲያል የተሻለ የሚሆነው የመሐል ሽቦው ወፍራም በመሆኑ ነው፤ ዙሪያውን የሸፈነው መረብም የውጭ ጣልቃ ገብነትን ይከላከላል።

በፋይበር መረጃውን የሚሸከመው ብርሃን ነው። የብርሃኑ ድግግሞሽ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ የመረጃው ፍጥነት ቢጨምርም መስተዋቱ የሚያዳክመው መጠን እምብዛም አይለወጥም። የመስተዋቱ ጥራት ግን ወሳኝ ነው። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም እ.ኤ.አ በ1966 ባቀረቡት ጥናት ብርሃኑን በዋነኛነት የሚያዳክሙት በመስተዋቱ ውስጥ ያሉ ባዕድ ነገሮች መሆናቸውን አመለከቱ፤ ለግንኙነት እንዲያገለግል በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች ማጣት እንዳለበትም አስቀመጡ። የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1970 ከዚህ ግብ ደረሰ። በዚያን ጊዜ እንደ ግብ የተያዘው የአንድ ኪሎ ሜትር ብክነት ዛሬ የ100 ኪሎ ሜትር ብክነት ነው ማለት ነው።

በ400 ሜትር የሚራራቁ ሁለት የቢሮ ሕንፃዎች ይገናኙ ቢባል፣ ጥንድ ሽቦ በየመካከሉ ኤሌክትሪክ የሚፈልጉ ስዊቾችን ይጠይቃል። ፋይበሩ በ1310 ናኖሜትር ብርሃን የሚያጣው 0.14 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ማገናኛዎች ግን እያንዳንዳቸው እስከ 0.5 ዴሲቤል ሊያባክኑ ይችላሉ። እንዲህ ባለ አጭር መስመር ችግር ሲፈጠር ከርዝመቱ በፊት ማገናኛዎቹን መመርመር ይገባል፤ በዓይን የማይታይ አቧራ እንኳ ብርሃኑን ይጋርዳል። ሌላው የተለመደ ብልሽት ኬብሉ ከመጠን በላይ መታጠፉ ነው። ይህን ለመለየት መስመሩ በ1310 እና በ1550 ናኖሜትር ይለካል። ብክነቱ በ1550 ብቻ ጎልቶ ከታየ መስመሩ የታጠፈበት ቦታ መኖሩን፣ በሁለቱም ተቀራራቢ ከሆነ ደግሞ ማገናኛው መቆሸሹን ወይም በትክክል አለመገጠሙን ይጠቁማል።