የተማሪዎች ፍሪላንስ ሥራ

የተማሪዎች ፍሪላንስ ሥራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይቀጠር፣ በትርፍ ጊዜው ለደንበኛ የሚሠራው የተወሰነ ሥራ ነው። ትርጉም፣ የድረ ገጽ ግንባታ፣ ግራፊክ ዲዛይንና የቪዲዮ ቅንብር የተለመዱ ዘርፎቹ ናቸው።

የሥራው ልክ የሚወሰነው ከትምህርት በሚተርፈው ሰዓት ነው። በኢሲቲኤስ የክሬዲት ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የጥናት ሰዓት ተብሎ ይገመታል። በአንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት የያዘ ተማሪ ቢያንስ 750 ሰዓት ይጠበቅበታል፤ ይህ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ 47 ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ ለሌላ ሥራ በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ማግኘት ይከብዳል።

ለምሳሌ 6,000 ቃላት ያለው ሰነድ የቀረበለት ተርጓሚ በሰዓት 250 ቃል ቢሠራ ትርጉሙ 24 ሰዓት፣ እርማቱ 6 ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት 8 ሰዓት ሲሠራ ወደ አራት ሳምንት ይወስድበታል። በመሀል የፈተና ሳምንት ካለ ቀጠሮው አምስት ሳምንት መሆን አለበት። ሰነዱን በሦስት ከፍሎ ማስረከብና በየክፍሉ መከፈል ሁለቱንም ወገን ከኪሳራ ይጠብቃል።

ብዙውን ጊዜ ቀጠሮ የሚያፈርሰው «ይቺን ብቻ ጨምርልኝ» የሚለው ጥያቄ ነው። የእርማት ዙሩ ብዛት አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተወሰነ ትንሹ ሥራ ሳይታወቅ ያድጋል።

ከፍሪላንሱ ለወደፊት ቋሚ ሥራ የሚተርፈው ሀብት፣ ለምሳሌ ተርጓሚው ተማሪ ያጠናቀረው የቃላት መፍቻና በደንበኛው ፈቃድ የሚያሳየው የሥራ ናሙና ነው። በየሥራው የፈጀውን ሰዓት መመዝገቡም ቀጣዩን ዋጋና ቀጠሮ በልክ እንዲተምን ያስችለዋል።