ያገለገለ መኪና ከባለቤቱ ሲገዛ፦ ሊብሬ፣ ዋጋና ቀብድ

በአዲስ አበባ ያገለገለ መኪና ከግለሰብ የሚገዛ ሰው በልማድ በመጀመሪያ የሚያየው ቀለሙንና የጎማውን ሁኔታ ነው። ልምድ ያላቸው ገዢዎች ግን የሚጀምሩት ከሊብሬው ነው። በሊብሬው ላይ የሰፈረው ስም የሻጩ መሆኑ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ ከመኪናው ጋር መመሳሰላቸው ካልተረጋገጠ በዋጋ መነጋገሩ ትርጉም የለውም።

"የራሴ ነው" ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው አንዳንዴ ደላላ ሆኖ ይገኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መኪናውን በውክልና የገዛና ስሙን ሳያዛውር መልሶ የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያሰጋል፤ ውክልና ሰጪው ሲሞት ወይም ሲሽረው የሚቋረጥ ሰነድ ነውና። ስለዚህ ገዢው ሻጩን መታወቂያ መጠየቁ፣ መኪናው የባንክ ብድር መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ከተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ማጣራቱ እንደ ነውር ሊታይ አይገባም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነም መብቱ ለሌለው ሰው ከመተላለፉ በፊት ቀረጡ መከፈል ይኖርበታል። ይህን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ጥናት ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ሻጮች የሚጠይቁት እንጂ መኪናው የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። ተመሳሳይ ሞዴልና የምርት ዘመን ያለው መኪና በቅርቡ የገዙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን መጠየቅ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይጠቅማል።

መኪናውን ለማየት ሲኬድ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑ አስፈላጊ ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ የማስነሳት ችግርና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወጣ ጭስ ሊደበቅ ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ይጠቁማል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት መሳይ ዝቃጭ ከታየ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጥቂት እያሳየ የፍሬን ፔዳሉና መሪው ክፉኛ ካለቁ ቆጣሪው መነካቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። የኮፈኑና የፓራፋንጎው ብሎኖች ቀለም ከተላጠም ተፈተው ያውቃሉ ማለት ነው፤ ሻጩ ስለ ግጭት የሚሰጠው መልስ ከዚህ ጋር መስማማት አለበት። ከዚህ በኋላ ገዢው ራሱ የመረጠው መካኒክ ያየዋል እንጂ ሻጩ የሚጠቁመው ጋራዥ አይበቃም።

የመክፈቻ ዋጋ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ቶዮታ ቪትዝ 1,900,000 ብር ቢጠየቅበትና ተመሳሳዮቹ በ1,750,000 ብር ገደማ ተሸጠው ቢገኙ መነሻው የኋለኛው ነው። መካኒኩ የፊት አሞርዛተር፣ አራት ጎማና ራዲያተር መቀየር እንዳለባቸው አይቶ ወጪውን 110,000 ብር ቢገምት የገዢው ጣሪያ 1,640,000 ብር ይሆናል። ይህ ቁጥር ለሻጩ አይነገርም። የመጀመሪያው ጥሪ 1,560,000 ብር ሊሆን ይችላል፤ ከምክንያቱ ጋር፦ "ጎማውና ራዲያተሩ ይህን ያህል ያስወጣኛል።" ያለ ምክንያት ግማሽ ዋጋ መጥራት ሻጩን ከማስቀየም በቀር ፋይዳ የለውም። ሻጩ ወደ 1,800,000 ቢወርድ ገዢው ልዩነቱን ለሁለት ለመክፈል መቸኮል የለበትም፤ በዚህ ስሌት መሃሉ 1,680,000 ነው፤ ከጣሪያው በ40,000 ብር ይበልጣል። ይልቁንም በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ማቆም ይሻለዋል። የስም ማዛወሪያ ወጪንና ደላላ ካለ የኮሚሽኑን ክፍፍል እዚሁ መነጋገር ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

ትቶ መሄድ የሚቻለው ቀብድ ሳይከፈል ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የማይፈጽም ወገን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የሚያፈርሰው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። "ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ ዛሬውኑ 50,000 ብር አስይዝ" የሚለው ግፊት ክብደቱ ከዚህ የመነጨ ነው። ሻጩ መኪናውን በመካኒክ ለማስፈተሽ ከከለከለ፣ ዋናውን ሊብሬ ካላሳየ ወይም የሻንሲ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ገዢው መተው አለበት። በዋጋ ብቻ ካልተስማሙ ግን በጨዋነት ስልክ ትቶ "በዚህ ዋጋ ከተስማሙ ይደውሉልኝ" ብሎ መሄድ ይበቃል። መኪናው ሳይሸጥ ሳምንታት ካለፉ ሻጩ ራሱ ሊደውል ይችላል። ያን ጊዜም ገዢው ጣሪያውን ከፍ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም፤ መኪናው እስከዚያ ድረስ ሲነዳ ከቆየም መካኒኩ ዳግመኛ ሊያየው ይገባል።