ዜናን ከጊዜ ቅደም ተከተል ወደ ተገለበጠ ፒራሚድ ማዛወር፤ የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ እንደ ማሳያ

የተገለበጠ ፒራሚድ የአንድ የዜና አጻጻፍ ሥርዓት መጠሪያ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው የፒራሚዱ ሰፊ መሠረት ወደ ላይ፣ ሹል ጫፉ ደግሞ ወደ ታች ዞሯል። ከሁሉ የከበደው ፍሬ ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ ይቀመጣል፤ እርሱን የሚያብራራው ይከተላል፤ ቢቀር ዜናውን የማያጎድለው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይሰፍራል። በጊዜ ቅደም ተከተል የተጻፈ ዘገባ ግን እንደ ተረት ከመነሻው ይጀምርና ውጤቱን የሚናገረው በስተመጨረሻ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ወደ መጀመሪያው እንዴት እንደሚለወጥ ለማሳየት፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 4 ቀን 2020 በቤይሩት ወደብ የደረሰውን ፍንዳታ እንውሰድ።

ከፍንዳታው ማግስት ረቡዕ ጠዋት የነበረውን መረጃ ይዞ አንድ ዘጋቢ የሚከተለውን ጻፈ እንበል፦

«በ2013 ሮሱስ የተባለች የጭነት መርከብ ከጆርጂያ ተነሥታ ወደ ሞዛምቢክ ስትጓዝ ቤይሩት ወደብ ደረሰች። መርከቧ እንዳትወጣ ታገደች። በቀጣዩ ዓመት የጫነችው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ወርዶ በመጋዘን ቁጥር 12 ተከማቸ፤ እዚያም 6 ዓመት ያህል ቆየ። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ በመጋዘኑ እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ተላኩ። እነርሱ እዚያ እያሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ። ድምፁ እስከ ቆጵሮስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሎች በቁስለኞች ተጨናነቁ። ረቡዕ ጠዋት የሊባኖስ ቀይ መስቀል ከ100 በላይ ሰዎች መሞታቸውን፣ ከ4,000 በላይ መቁሰላቸውን አስታወቀ። ፍለጋው ቀጥሏል።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት የለም፤ ቋንቋውም ግልጽ ነው። ነገር ግን በቤይሩት የምትሠራ እኅት ያለችው አንባቢ ስለ ሞቱትና ስለ ቆሰሉት የሚያነበው ስለ መርከብ፣ ስለ ጭነትና ስለ መጋዘን ካነበበ በኋላ ነው። ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ንባቡን ካቆመ፣ ያየው ዜና የአንዲት መርከብ መታገድ ብቻ ይሆናል።

የማዛወሩ ሥራ የሚጀምረው ዓረፍተ ነገሮችን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ አይደለም። በመጀመሪያ ዘገባው ወደ ነጠላ ፍሬ ነገሮች ይበተናል። በእያንዳንዱም አጠገብ መቼ እንደ ሆነና ማን እንደ ተናገረው ይጻፋል። «ከ100 በላይ ሞቱ» ከሚለው ጎን «ቀይ መስቀል፣ ረቡዕ ጠዋት» ተብሎ ይሰፍራል። «2,750 ቶን» ከሚለው ጎን ደግሞ «የሊባኖስ መንግሥት» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ማስታወሻ ኋላ ላይ ያስፈልጋል፤ ፍሬ ነገሩ ቦታውን ሲለቅ የተናጋሪው ስም ወደ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ቀጥሎ ፍሬ ነገሮቹ በክብደታቸው ይደረደራሉ። ለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው «በሰው ላይ ምን ደረሰ?» የሚል ነው፤ በእኛ ምሳሌ መልሱ ሞትና መቁሰል ነው። ሁለተኛው «አሁን ያላለቀ፣ አንባቢው ሊያውቀው የሚገባ ምን አለ?» ይላል፤ መልሱ የፍለጋው መቀጠልና የሆስፒታሎቹ መጨናነቅ ነው። ሦስተኛው «ይህ ነገር ከምን መጣ?» የሚለው ሲሆን፣ የእሳቱ፣ የጭነቱና የመርከቧ ታሪክ እዚህ ይገባል። በጊዜ ቅደም ተከተል የመጀመሪያ የነበረችው መርከብ በክብደት መለኪያ የመጨረሻዋ ሆነች ማለት ነው። ዜናው ተገለበጠ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ሊድ የሚባለው መሪ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። በአማርኛ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ክፍል ይህ ነው። በቋንቋችን ግሡ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ገላጭ ሐረጎችም ከሚገልጹት ስም ይቀድማሉ። ስለዚህ ዘጋቢው ሁሉን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሲሞክር እንዲህ ያለ ሊድ ይወጣዋል፦ «በ2013 ከጆርጂያ በመጣች መርከብ ተጭኖ በወደቡ መጋዘን ለ6 ዓመት ያህል የቆየው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ማክሰኞ ምሽት በመፈንዳቱ ከ100 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሊባኖስ ቀይ መስቀል አስታወቀ።» አንቀጹ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ዋናው ነገር ግን አሁንም ከታች ነው። መርከቧ ከሰዎቹ ቀድማለች፤ የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያም «ሞቱ» ሳይሆን «አስታወቀ» ሆኗል።

መፍትሔው ሊዱን ማሳጠርና የተናጋሪውን ስም ለብቻው ማስከተል ነው፦ «በቤይሩት ወደብ ትናንት ምሽት በደረሰ ከባድ ፍንዳታ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ4,000 በላይ ቆሰሉ። ቁጥሩን ዛሬ ጠዋት ያስታወቀው የሊባኖስ ቀይ መስቀል ነው።» ቦታው፣ ጊዜው፣ የሆነው ነገርና የደረሰው ጉዳት በአንድ ትንፋሽ ተነገሩ። ምንጩም ወዲያው ተከተለ እንጂ አልጠፋም። ሊድ መልካም መሆኑን ለማወቅ ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል። አንባቢው ግሡ ላይ ሳይደርስ ትንፋሽ ካጠረው፣ ዓረፍተ ነገሩ መከፈል አለበት።

አራተኛው ሥራ የተቆረጡትን ማያያዣዎች መጠገን ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ «እነርሱ»፣ «እዚያ»፣ «ከዚያ በኋላ» የሚሉት ቃላት ትርጉም ያገኙት ከፊታቸው ካለው ዓረፍተ ነገር ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ሲነቀል ቃላቱ ባዶ ይሆናሉ። «ከዚያ በኋላ ሆስፒታሎች ተጨናነቁ» የሚለው ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ ቢገባ፣ አንባቢው «ከምን በኋላ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቃል ሁሉ ተለቅሞ በስም ወይም በትክክለኛ ሰዓት ይተካል። እንዲሁም አንድ ስም ወይም ነገር በአዲሱ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚታይበት ቦታ ሙሉ መግለጫው ሊሰጠው ይገባል፤ መግለጫው በቀድሞ ቦታው ላይ ቀርቶ ከሆነ ወደ ላይ ይዛወራል።

በዚህ መንገድ የተስተካከለው ዘገባ የሚከተለውን ይመስላል፦

«በቤይሩት ወደብ ትናንት ምሽት በደረሰ ከባድ ፍንዳታ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ4,000 በላይ ቆሰሉ። ቁጥሩን ዛሬ ጠዋት ያስታወቀው የሊባኖስ ቀይ መስቀል ነው።

በፍርስራሽ ሥር ያሉ ሰዎችን የመፈለጉ ሥራ ቀጥሏል። የከተማዋ ሆስፒታሎች በቁስለኞች ተጨናንቀዋል።

የሊባኖስ መንግሥት እንደ ገለጸው የፈነዳው በወደቡ መጋዘን ተከማችቶ የቆየ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው። ፍንዳታው የደረሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ሲሆን፣ አስቀድሞ በመጋዘኑ ተነሥቶ የነበረውን እሳት ለማጥፋት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በስፍራው ነበሩ። የፍንዳታው ድምፅ እስከ ቆጵሮስ ተሰምቷል።

ጭነቱ ወደ ቤይሩት የመጣው በ2013 ከጆርጂያ ወደ ሞዛምቢክ ትጓዝ በነበረችው ሮሱስ በተባለች መርከብ ነው። መርከቧ በወደቡ ከታገደች በኋላ ጭነቱ በቀጣዩ ዓመት ወርዶ በመጋዘን ቁጥር 12 ተቀመጠ።»

የመጨረሻው አንቀጽ በውስጡ የጊዜን ቅደም ተከተል እንደ ጠበቀ ልብ ይሏል። የተገለበጠው የአንቀጾቹ ተራ ነው እንጂ፣ የኋላ ታሪክ ሲነገር ከፊት ወደ ኋላ መተረኩ ለአንባቢ ይቀልለዋል።

ሥራው በትክክል መጠናቀቁ የሚታወቀው ከታች በመቁረጥ ነው። የመጨረሻውን አንቀጽ እንሸፍን፤ ዜናው ይቆማል። ቀጥሎ ሦስተኛውን እንሸፍን፤ ምክንያቱ ይጎድላል፣ ነገር ግን የሆነው ነገር ይታወቃል። ሊዱ ብቻ ሲቀርም እውነተኛና ሙሉ አጭር ዜና ነው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የቀረው ጽሑፍ ስሜት የማይሰጥ ወይም የሚያሳስት ከሆነ፣ ከታች የቀረ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ፍሬ ነገር አለ።

ይህ አሠራር የራሱ አደጋ አለው። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ ይወስዳል። በፍንዳታው የመጀመሪያ ሰዓታት የተቃጠለው የርችት መጋዘን ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ዘጋቢው ይህን ወደ ሊዱ ቢያወጣው፣ ያልተጣራው ግምት በዜናው ከፍተኛ ቦታ ላይ እንደ እውነት ይቆም ነበር። ስለዚህ የታወቀው ጉዳት ከላይ ይቀመጣል፤ ያልተረጋገጠ ምክንያት ግን ከተናጋሪው ስም ጋር ዝቅ ብሎ ይጠብቃል።

ከላይ የሚቀመጠው ፍሬ ነገር ለዘለቄታው አንድ ሆኖ አይቀርም። የሟቾቹ ቁጥር ከቀናት በኋላ ጨምሮ በመጨረሻ ከ200 አልፏል፤ የቆሰሉት ከ6,000 በላይ ሲሆኑ፣ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ቁጥሩ በተለወጠ ጊዜ ሊዱም፣ ርዕሱም፣ በታችኛው አንቀጽ የተጠቀሰ ካለም አብረው መታረም አለባቸው። ሰኞ ነሐሴ 10 ቀን 2020 የጠቅላይ ሚኒስትር ሐሰን ዲያብ መንግሥት ሥልጣን መልቀቁን ባስታወቀ ጊዜ ደግሞ የዕለቱ ሊድ ይኸው ሆነ፤ ፍንዳታው ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ወረደ። የመርከቧ ታሪክ ግን ያኔም ከታች ነው።

ከሌላ ቋንቋ መረጃ ወስዶ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሰዓትና ዘመን የተለየ ወጥመድ ናቸው። በውጭው አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት የተባለው በእኛ 12 ሰዓት ነው፤ የ2020 ክስተትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 የሆነ ነው። በጊዜ ቅደም ተከተል በተጻፈ ዘገባ እንዲህ ያለው ስሕተት ከፊትና ከኋላ ባሉት ሰዓታት ይጋለጣል። በተገለበጠ ዘገባ ግን ሰዓቱ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ብቻውን ስለሚቆም የሚያጋልጠው የለም። ስለዚህ ከመጻፉ በፊት አንድ አቆጣጠር ተመርጦ ከላይ እስከ ታች መጠበቅ ይኖርበታል።

ሁሉም ጽሑፍ መገልበጥ አያስፈልገውም። ከፍንዳታው የተረፈ ሰው የሚናገረው ታሪክ፣ የደቂቃዎቹን ሂደት የሚመረምር ዘገባ፣ እንዲሁም በዓመቱ የሚጻፍ መታሰቢያ ጊዜን ተከትለው ቢጻፉ ይሻላል፤ በእነርሱ ውስጥ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አንባቢው የሚፈልገውም ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ነው። የተገለበጠው ፒራሚድ የሚያገለግለው ገና ምን እንደ ሆነ ላልሰማ አንባቢ ነው።