የመልመጃ ወረቀትና የማስተማሪያ ቋንቋ በጉንደ ወይን

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የምትገኘው ጉንደ ወይን የቋንቋ ችግር ያለባት ከተማ አትመስልም። ሕፃናቱ በቤትም፣ በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያንም የሚሰሙት አማርኛን ነው፤ ፊደል የሚቆጥሩትም በዚሁ ቋንቋ ነው። በቤትና በክፍል ቋንቋ መካከል ያለው ልዩነት የሚገጥማቸው ዘግይቶ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግን በአንድ የትምህርት ዓመት መግቢያ ላይ በድንገት ይመጣል።

አማርኛ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን የተደረገው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የእንግሊዝኛ ቦታ ተጠበቀ፤ የ1966ቱም ለውጥ ይህን ድንበር አላነቃነቀውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። ድንበሩ ከሰባተኛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ተገፋ እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1986 ስቶዳርት የተባለ አጥኚ የኢትዮጵያን ትምህርት ቤቶች ከመረመረ በኋላ፣ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ለትምህርት መሰናክል እስከ መሆን መድረሱን ጽፏል።

በዚያ ዘመን የመልመጃ ወረቀት የሚባዛው በስቴንስል ነበር። የላቲን ፊደል የጽሕፈት መኪና አማርኛ አይጽፍም፤ ስለዚህ ለቃላቱ የአማርኛ ፍች ለመስጠት የፈለገ መምህር በስቴንስሉ ላይ ባዶ ቦታ ትቶ በብረት ብዕር በእጁ መቧጠጥ ነበረበት። ብዙ ጊዜም ሰሙ ይቀደድና ቀለሙ ይፈስሳል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ መውጣቱ የመምህሩ እምነት ውጤት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የመሣሪያውም አስተዋፅኦ ቀላል አልነበረም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል አንድ የሂሳብ ጥያቄ ያስረዳል። በወረቀቱ ላይ «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ነምበር» የሚል ሐረግ ይገኛል እንበል። ትክክለኛው መልስ x − 5 ነው። ተማሪው ግን ቃላቱን በተሰለፉበት ተራ እየተከተለ 5 − x ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ «ከአንድ ቁጥር በአምስት የሚያንስ» ቢባል ኖሮ ቁጥሩ ይቀድማል፣ አምስቱም ይከተላል፤ የሐረጉ ተራና የሂሳቡ ተራ ይገጥማሉ። ደግሞም በእንግሊዝኛው ሐረግ ውስጥ «ኢዝ» የምትባል አንዲት ቃል ብትገባ ነገሩ 5 < x ይሆናል። ይህችን ልዩነት ለማየት የሚያስፈልገው የሂሳብ ችሎታ አይደለም። የሆነው ሆኖ ቀይ ብዕሩ የሚያርፈው በሂሳቡ ላይ ነው፤ ልጁም በሂሳብ ደካማ ተብሎ ይመዘገባል።

መምህሩ የስሕተቱን ምንጭ ለመለየት ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ በቃል ይጠይቀዋል። ተማሪው በትክክል ከመለሰ የጎደለው እንግሊዝኛው ነው። በአማርኛም ከተሳሳተ ግን መቀነስን ወይም x የተባለውን ምልክት ገና አልተረዳም፤ ያን ጊዜ ፍች መስጠት ምንም አይጠቅመውም። ሌላም ምልክት አለ፤ ቋንቋው ያቃተው ተማሪ ከጥያቄው ውስጥ ቃላት ገልብጦ እንደ መልስ ያቀርባል፣ «ለምን» የሚለውን ጥያቄም ባዶ ይተወዋል።

ወረቀቱን ሲያዘጋጁ መጀመሪያ ተማሪው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይጠቅማል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር የማያገለግል የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ይሰረዛል። የቀሩት አዳዲስ ቃላት አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ከነፍቻቸው በወረቀቱ ራስጌ ይቀመጣሉ። ፍቹ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በዕለት ተዕለት ንግግር «ኃይል» የሚለው ቃል በፊዚክስ «ፎርስ»፣ «ፓወር» እና «ኢነርጂ» የተባሉትን ሦስቱንም ሊሸፍን ስለሚችል፣ ለሦስቱ አንድ ፍች የሰጠ ወረቀት ሊለያዩ የሚገባቸውን ሐሳቦች ያደባልቃል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የአማርኛ አቻ ለማበጀት የደከመው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነበር። ቃል ባልበቃበት ቦታ ሥዕል ይሻላል፤ ጋሪ ሲገፋ የሚያሳይ ቀስት ብዙ መስመር ያድናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከነአሠራሩ ተሠርቶ ይቀርባል፤ ሁለተኛው በግማሽ ይሠራል፤ ሦስተኛው ራስጌው ላይ ባሉት ፍቾች ብቻ ይደገፋል፤ የመጨረሻው ያለ አንዳች ድጋፍ ይሰጣል። ሙሉውን ወረቀት በሁለት ዓምድ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ማቅረብ ቸርነት ቢመስልም ተማሪው የሚያነበው የአማርኛውን ዓምድ ብቻ ይሆናል። የማጠናቀቂያው ፈተና ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ መሰጠት ሲጀምር ይህ ሁሉ ዝግጅት ጠበበ። መልመጃው በመስኮቱ ላይ በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ለመሥራት የተፈቀደው ጊዜም ተቆጥሮ ያልቃል፤ ከዚያም መልሱ ይነገራል። መምህሩ ሐረጉን በአማርኛ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት የቴሌቪዥኑ መምህር ወደሚቀጥለው ርእስ አልፏል።